የሕፃን መጫወቻን ማንነት ከካርቶኑ ፎቶ እና ከፕላስቲኩ ሥር ከወጡ ምልክቶች ማጣራት ይቻላል ወይ? (ሐዋሳ)

የአቶቴዋ እናት
ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡20

ጤና ይስጥልኝ። ነዋሪነቴ ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ሲሆን፣ የራሴን የ14 ወር ልጅ ጨምሮ የሁለት ጎረቤቶቼን ሕፃናት ቀን ቀን በቤቴ እይዛለሁ። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ ካለ ሱቅ ሙዚቃ የሚያሰማና መብራት የሚያበራ፣ እንደ መኪና መሪ የሚዞር የፕላስቲክ መጫወቻ ገዛሁ። ለልጆቹ ከመስጠቴ በፊት ካርቶኑን በደንብ ስመለከተው ብዙ ነገር ስላልገባኝ አራት ፎቶ አያይዤ ምክራችሁን ለመጠየቅ መጥቻለሁ።

የመጀመሪያው የካርቶኑ ፊት ነው። ጥርስ ያላወጣ ሕፃን መሪውን ይዞ ተቀምጧል፤ ከላዩ የተጻፈው የማምረቻ ስም ከአንድ የታወቀ ድርጅት ስም የሚለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። ሁለተኛው የካርቶኑ ጀርባ ሲሆን የሲኢ ምልክት፣ የተሰረዘ የቆሻሻ ገንዳ፣ ፊት የተሳለበትና 0-3 የሚል ክብ፣ 5 ቁጥር ያለበት ሦስት ማዕዘን፣ ባርኮድ፣ የአይተም ቁጥር እና በቻይና የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይታያሉ። ሦስተኛውና አራተኛው የመጫወቻው ሥር እና የባትሪው ክዳን ናቸው፤ በፕላስቲኩ ላይ አብረው የወጡ ምልክቶች ቢኖሩም በስልኬ ፍላሽ ስላነሣኋቸው ነጭ ሆነው ጠፍተዋል።

ማወቅ የምፈልገው፣ ስሙ የእውነት የዚያ ድርጅት ነው ወይ፣ የሲኢ ምልክቱስ ትክክለኛ ነው ወይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህን ዕቃ ለ14 ወር ልጅ መስጠት ይቻላል ወይ የሚለውን ነው።

---

ነጋዴው ከመናኸሪያ
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡05

እህቴ፣ ብዙ አትጨነቂ። እኔ የልጆች ዕቃ በችርቻሮ እሸጣለሁ። ሲኢ ያለበት ዕቃ በአውሮፓ ተመርምሮ ያለፈ ነው። ክቡ ውስጥ ያለው 0-3 ደግሞ ዕቃው ከዜሮ እስከ ሦስት ዓመት ላሉ ልጆች መሠራቱን ይነግርሻል፤ የሕፃን ፊት የተሳለበትም ለዚሁ ነው። ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ያለው 5 ቁጥር ጥሩው ፕላስቲክ ነው፤ የምግብ ዕቃ ሁሉ ይሠራበታል። ስሙን በተመለከተ፣ በዚህ ዋጋ ዋናው ሊሆን እንደማይችል አንቺም ታውቂዋለሽ።

---

ዳዊት ዘታቦር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ከላይ የተሰጠው አስተያየት አንባቢን ሊያሳስት ስለሚችል ላርመው እወዳለሁ። ሁለት ዓይነት የሲኢ ምልክት አለ። አንደኛው የአውሮፓ ሲሆን ፊደላቱ ተራርቀው ይጻፋሉ፤ ሁለተኛው ግን ፊደላቱ ተጠጋግተው የሚጻፉበት ሲሆን ትርጉሙም «ቻይና ኤክስፖርት» ነው። በፎቶው ላይ ያለው የተጠጋጋው ነው። ባርኮዱም በ69 ስለሚጀምር የቻይና ዕቃ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

---

የሞልድ ሠራተኛ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ወይዘሮ፣ ለብዙ ዓመታት ፕላስቲክ በሞልድ በሚያወጣ ፋብሪካ ውስጥ ስለሠራሁ የመጫወቻውን ሥር ማየት ለእኔ የዕቃውን የልደት ወረቀት እንደማየት ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ፎቶ ግን እንዳሉት ምንም አያሳዩም፤ እንደገና እንዲያነሷቸው እጠይቃለሁ። ፍላሹን ያጥፉት። ክፍሉን ጨለም አድርገው የሌላ ሰው ስልክ መብራት ከጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር ሊነካካ እስኪደርስ ዝቅ አድርገው ያብሩበት፤ ያኔ እያንዳንዱ ከፍ ብሎ የወጣ ፊደል ጥላ ይጥላል። ፕላስቲኩ ጠቆር ያለ ከሆነ ጠመኔ አሸት አድርገውበት ላይ ላዩን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ዱቄቱ በጎድጓዳው ውስጥ ስለሚቀር ጽሑፉ ይነበባል። ስልኩን ከዕቃው ፊት ለፊት ቀጥ አድርገው ራቅ ብለው ያንሱ፤ ከጎኑም ማስመሪያ ያስቀምጡ።

እስከዚያው ከካርቶኑ ጀርባ የታየኝን ልናገር። በጣም አስቸኳዩ 0-3 የሚለው ክብ ነው። ፎቶውን አስፍታችሁ ብታዩት በክቡ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚወርድ መስመር አለ፤ ቀዩ ቀለም በመብራቱ ምክንያት ፈዝዞ እንጂ መስመሩ አልጠፋም። መስመሩ ክልከላ ነው። ስለዚህ ምልክቱ የሚለው ዕቃው ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም ነው፤ ነጋዴው ወንድማችን ያሉት ተቃራኒውን ነው። በአውሮፓ ደንብ መሠረት ይህ ምልክት ብቻውን አይቆምም፤ ምክንያቱ አብሮት ወይም በመመሪያው ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሊያንቁ የሚችሉ ትንንሽ ክፍሎች መኖራቸው ነው። እዚህ ካርቶን ላይ ምክንያቱ አልተጻፈም።

ከዚህ ጋር ፊት ለፊቱን ያስተያዩ። ፊት ለፊት ጥርስ ያላወጣ ሕፃን መሪውን ይዞ ተቀምጧል፤ ጀርባው ደግሞ ለሕፃን አይሰጥም ይላል። በዚያው ደንብ አንድ አምራች ከዕቃው አገልግሎት ጋር የሚጋጭ ማስጠንቀቂያ ለጥፎ ኃላፊነቱን ማራገፍ አይፈቀድለትም። ወይ ሥዕሉ ዋሽቷል፣ ወይ ማስጠንቀቂያው ያለ ቦታው የገባ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግረን ፕላስቲኩ ነው።

---

ሐረገወይን
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ርእሱን ሳየው ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። እኔም ከሳልባጅ የገዛኋት ባርቢ አሻንጉሊት አለችኝ፤ ጀርባዋ ላይ የማቴል ስም እና 1966 የሚል ጽሑፍ አብሮ ወጥቶበታል። ከ50 ዓመት በላይ የቆየች ቅርስ ከሆነች ስንት ልታወጣ እንደምትችል የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

---

የሞልድ ሠራተኛ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10፡00

እመቤት ሐረገወይን፣ ጥያቄዎ ከርእሱ ወጣ ያለ ቢሆንም ስሕተቱ የተለመደ ስለሆነ ልመልሰው። በፕላስቲክ ላይ ከባለመብቱ ስም አጠገብ የሚወጣው ዓመት ቅርጹ የተመዘገበበት እንጂ ዕቃው የተመረተበት አይደለም። 1966 የሚለው የሰውነቱን ቅርጽ የሚመለከት ሲሆን፣ ይኸው ጽሑፍ ያለባቸው ባርቢዎች እስከ 1990ዎቹ ድረስ ሲመረቱ ኖረዋል። ዕድሜዋን ለመገመት ከዓመቱ ሥር የተጻፈውን የማምረቻ አገር ስም እና የጭንቅላቷን ማኅተም፣ ከፀጉሯ ሥር አንገቷ ላይ፣ ቢያዩ ይሻላል። ስለ ዋጋው የማውቀው የለም።

---

ዳዊት ዘታቦር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ባለሙያው ስለ ሲኢ ምንም አላሉም። የቻይና ኤክስፖርት ጉዳይ በየገጹ የተጻፈ ነው፤ በፎቶው ላይ ያለውም ምልክት ፊደላቱ የተጠጋጉ መሆናቸውን ማንም ያያል።

---

የሞልድ ሠራተኛ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

አቶ ዳዊት፣ ከግማሹ ጋር እስማማለሁ። የተስተካከለው ምልክት ሁለቱም ፊደላት ከሙሉ ክብ የተቆረጡ ናቸው። የሲውን ክብ በእርሳስ ብትሞሉት የቀኝ ጠርዙ የኢውን ጀርባ ይነክሳል፤ የኢው መካከለኛ ዘንግ ደግሞ ከላይና ከታች ካሉት ያጥራል፤ ቁመቱም ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። በፎቶው ያለው ምልክት ክቡ ቢሞላ የኢውን ጀርባ አልፎ ወደ ውስጡ ይገባል። ስለዚህ ቅርጹን ያልጠበቀ ነው ያሉት ልክ ነው።

«ቻይና ኤክስፖርት» የሚባል ምልክት አለ የሚለው ግን ከወሬ የመጣ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን ከፓርላማው ተጠይቆ እንዲህ ያለ ምልክት መኖሩን እንደማያውቅና የሚታየውም ቅርጹን ያልጠበቀ ሲኢ እንደሆነ መልሷል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ሁለተኛ ትርጉም አለ ብሎ ያመነ ሰው፣ ፊደላቱ የተራራቁበትን ሁሉ እንደ ደኅና ዕቃ ይገዛል። በትክክለኛው ልክ የተሳለ ሲኢን ማንም ማተሚያ ቤት በአምስት ደቂቃ ያወጣዋል። በመጫወቻ ላይ ይህን ምልክት በአብዛኛው የሚለጥፈው አምራቹ ራሱ ነው፤ ደንቡን አክብሬያለሁ፣ ማስረጃውም በእጄ አለ ብሎ የሚሰጠው ቃል ነው። የማንንም ላቦራቶሪ ማኅተም አይተካም። ቃል ደግሞ ዋጋ የሚኖረው ተናጋሪው ሲታወቅ ነው። እኔ በዚህ ካርቶን ላይ ከሲኢው ቅርጽ ይልቅ ያሳሰበኝ የአምራቹም ሆነ የአስመጪው ስም፣ አድራሻና የምርት ተራ ቁጥር በየትኛውም ጎን አለመኖሩ ነው። ደንቡ ሦስቱንም ይጠይቃል።

ባርኮዱን በተመለከተ፣ ከ690 እስከ 699 ያሉት መነሻዎች ለቻይና የተሰጡ መሆናቸው እውነት ነው። የሚያመለክቱት ግን ቁጥሩን የወሰደው ድርጅት የተመዘገበበትን አገር ነው፤ ዕቃው የተመረተበትን አይደለም። በሌላ አገር የተመዘገበ ድርጅት ቻይና ውስጥ ቢያስመርት ባርኮዱ በ69 አይጀምርም።

---

የአቶቴዋ እናት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡50

እንደተባለው ከጎን መብራት አብርቼ እንደገና አንሥቻለሁ፤ ልዩነቱ ያስደንቃል። አሁን ያየሁትን ልዘርዝር። በመሪው ሥር በሁለት የቀስት ጫፎች መካከል ኤቢኤስ የሚል ጽሑፍ አለ። ከእርሱ ዝቅ ብሎ የሰዓት ገጽ የሚመስል፣ ዙሪያውን ከ1 እስከ 12 የተጻፈበት ትንሽ ክብ አለ፤ በመካከሉ ቀስት ወደ 9 ያመለክታል፣ በቀስቱ ግራና ቀኝ 2 እና 2 አለ። የባትሪው ክዳን ውስጡ ተመሳሳይ ክብ አለው፤ የእርሱ ቀስት ወደ 3 ነው፣ ቁጥሮቹም 2 እና 0 ናቸው። በመሪው ሥር መካከል ላይ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አራት ማዕዘን ሠርቶ ይታያል፤ በውስጡ ምንም የለም፣ ልሙጥ ነው። በካርቶኑ ላይ ያለው ስም በፕላስቲኩ ላይ የትም የለም። ሲኢውን በማስመሪያ ስለካው 3 ሚሊ ሜትር ነው።

---

የሞልድ ሠራተኛ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

በጣም ጥሩ ፎቶ ነው። እንዳነበብኩት ላስረዳ።

ኤቢኤስ የጠንካራው ገላ ፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ዕቃ የተለመደ ስለሆነ የሚያስጠረጥር ነገር የለውም። በካርቶኑ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው 5 ግን ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው፤ ይህ ገላ ፖሊፕሮፒሊን አይደለም። ምናልባት 5 የተባለው በካርቶኑ ውስጥ ዕቃውን የሚይዘው ስስ ትሪ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ቁጥሮች እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የወጡት ያገለገለ ፕላስቲክን ለመለየት ነው፤ ስለተቀባው ቀለምም ሆነ ስለተጨመረው ማለስለሻ አይናገሩም። «5 ስለሆነ ለሕፃን ደኅና ነው» የሚለውን እዚህ ላይ መተው ያስፈልጋል።

ሰዓት የሚመስለው ክብ የምርት ቀን ነው። ሞልዱ ላይ የምትዞር ትንሽ ብረት ናት፤ ቀስቱ ወሩን፣ ግራና ቀኝ ያሉት ቁጥሮች ዓመቱን ያሳያሉ። ገላው ስለዚህ እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 የወጣ ነው፤ በእኛ ከነሐሴ 2014 መጨረሻ እስከ መስከረም 2015 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ክዳኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2020ን ያሳያል። ይህ የሁለት ዓመት ተኩል ልዩነት ማጭበርበር አለ አያሰኝም። ክዳን በገፍ ተመርቶ ለብዙ ዓይነት መጫወቻ ይውላል፤ አንዳንዴም ሠራተኛው ቀስቷን ማዞር ይረሳል። በፋብሪካ ያየሁት ነው።

ልሙጡ አራት ማዕዘን ግን ስለ ስሙ ለጠየቁት ዋናው መልስ ነው። ሞልድ ውድ ስለሆነ ስም የሚጻፍበት ቦታ ብቻውን የሚነቀልና የሚተካ ብረት ይደረግበታል፤ ፀጉር የመሰለው መስመር የዚያ ብረት ጠርዝ የተወው ነው። ለአንዱ ደንበኛ የአንዱ ስም ይገባበታል፣ ለሌላው የሌላው፤ ስም ለሌለው ደግሞ ልሙጥ ብረት ይገባል። የራሱ ሞልድ ያለው የታወቀ ድርጅት ስሙን በካርቶን ብቻ አትሞ ፕላስቲኩን ባዶ አይተውም። ሌጎን ብታዩ በእያንዳንዱ ቁራጭ ራስ ላይ ስሙ አለ፤ ካርቶኑ ቢጠፋ እንኳ ዕቃው ራሱን ይናገራል። ስለዚህ የእርስዎ መሪ የዚያ የታወቀ ድርጅት አይደለም። አንድ ፋብሪካ የሠራው ስም የለሽ ዕቃ ነው፤ ስሙ የመጣው በካርቶኑ ነው።

አሁን ሁለት ነገር ይመልከቱልኝ። የባትሪው ክዳን ብሎን አለው ወይ? ከመሪው ጋር የሚነቀል ትንሽ ክፍልስ አለ ወይ?

---

ከአዳማ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ፎቶውን እንዳየሁ የልጄን መጫወቻ አነሣሁ። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ የገዛሁት ይኸው መሪ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ይለያል። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ፈጽሞ ሌላ ነው፤ የአይተም ቁጥሩ ግን የመጨረሻዋ ፊደል ካልሆነች በስተቀር አንድ ነው። የእኔም ሥሩ ልሙጥ አራት ማዕዘን አለው። የእኔ ክዳን ግን ብሎን አለው።

---

የሞልድ ሠራተኛ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልጠበቅሁም። የአይተም ቁጥር የፋብሪካው ነው፤ ካርቶኑ ቢለወጥም አብሮት ይጓዛል። ስለዚህ ስለ ዕቃው አደጋ ለመፈለግ የሚጻፈው በካርቶኑ ፊት ያለው ስም ሳይሆን የአይተም ቁጥሩ ነው። አውሮፓውያን ከገበያ ያስነሷቸውን ዕቃዎች ከነፎቷቸው በ ec.europa.eu/safety-gate-alerts ላይ ይለጥፋሉ፤ አሜሪካኖቹ ደግሞ በ cpsc.gov/Recalls ላይ። በስም ፈልጎ ምንም አላገኘሁም ማለት ለእንዲህ ያለ ዕቃ ትርጉም የለውም፤ ቁጥሩን ከፈለጉ በኋላ ፎቶውን ከራስዎ ጋር ማስተያየት ነው።

ስም ያለው ዕቃ ሲሆን የቁጥሩ ጥቅም እንዴት እንደሚለይ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2007 ፊሸር ፕራይስ ቀለማቸው እርሳስ ያለበትን ወደ 967,000 የሚጠጉ መጫወቻዎች በአሜሪካ ከገበያ ሲያስመልስ፣ ባለቤቶች እንዲያዩ የተነገራቸው ከ109-7 እስከ 187-7 ያለውን፣ ሁለት ፊደል የተከተለውን ማኅተም ነበር። 109 የዓመቱ 109ኛ ቀን ነው፣ 7 ደግሞ 2007ን ያመለክታል፤ ይኸውም ከሚያዝያ 19 እስከ ሐምሌ 6 የተመረተ ማለት ነው። ቤቱ ያለው ሰው ዕቃውን ገልብጦ በአንድ ደቂቃ ያውቃል። የእርስዎ መሪ አደጋ ቢገኝበት የትኛው እንደተነካ የሚለይበት እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም፤ ያለው የወር ክብ ብቻ ነው።

---

የአቶቴዋ እናት
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡10

አይቼዋለሁ። ክዳኑ ላይ የብሎን ቀዳዳ አለ፤ ከሥሩም ብሎኑ የሚገባበት የቆመ ቱቦ ይታያል፤ ብሎን ግን የለም። በጥፍሬ ስገፋው ተከፈተ። ውስጡ ያሉት እንደ ሰዓት ባትሪ ክብና ጠፍጣፋ ሦስት ናቸው። በመሪው ጎን ደግሞ የመኪና ቁልፍ የሚመስል ቀይ ፕላስቲክ አለ፤ ጎትቼው ወጣ።

---

ሲስተር ከሐዋሳ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡35

እህቴ፣ ይህን ስታነቢ ባትሪዎቹን ከቤት አውጪያቸው። ክብ ባትሪ ተውጦ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረ የሚያቃጥለው ፈሳሹ ቢወጣም ባይወጣም ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ቁስል ሊያደርስ ይችላል። ልጅ ውጧል ብለሽ ከጠረጠርሽ እስኪያስታውክ አትጠብቂ፣ እንዲያስታውክም አታድርጊ፤ በቀጥታ ኤክስሬይ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ።

---

የሞልድ ሠራተኛ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡00

ሲስተር ያሉት ይቀድማል። ብሎኑ በሞልዱ ላይ ታስቦለት ነበር፤ ቀዳዳውም ቱቦውም የተሠሩት ለዚያ ነው። የአዳማው ወንድማችን ዕቃ ብሎን ስላለው፣ በእርስዎ ላይ ወይ ሲገጣጠም ተዘልሏል ወይ በመንገድ ወልቋል። ቱቦውን ከጎን መብራት አብርተው ወደ ውስጥ ይዩት። ብሎን ገብቶበት የሚያውቅ ከሆነ ግድግዳው ላይ ጥምዝምዝ መስመር ይኖራል፤ ልሙጥ ከሆነ ከመጀመሪያው አልገባበትም። ክብ ባትሪ ያለው መጫወቻ ለየትኛውም ዕድሜ ቢሆን በጥፍር ሊከፈት አይገባም፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ የማንኛውም ባትሪ ክዳን በካቻቢቴ ብቻ መከፈት አለበት።

ቁልፏን በተመለከተ፣ መለኪያው በቤት ይሠራል። ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት ቱቦ ውስጡ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ከታች በሰያፍ የተቆረጠ ስለሆነ ጥልቀቱ ባንድ ወገን 25.4፣ በሌላው 57.1 ሚሊ ሜትር ነው። ወፍራም ወረቀት ዙሪያው 10 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ጠቅልለው ቢያጣብቁት ያንኑ ስፋት ያህል ያገኛሉ። ቁልፏ ምንም ሳይጫኗት ሙሉ በሙሉ ከገባች ታንቃለች ተብላ ትቆጠራለች። በእጅዎ ስለወጣች ደግሞ ሌላ ፈተና አያስፈልጋትም፤ በአውሮፓ መለኪያ እንዲህ ያለ ክፍል በ90 ኒውተን፣ ማለትም 9 ኪሎ ገደማ በሚሆን ጉተታ እንኳ መውጣት የለበትም።

---

የአቶቴዋ እናት
ሐሙስ፣ ከቀኑ 9፡40

ወረቀቱን ጠቅልዬ ሞከርኩት፤ ቁልፏ ሰተት ብላ ገባች። የብሎኑ ቱቦ ውስጥም ምንም ጥምዝምዝ የለም፣ ልሙጥ ነው። ባትሪዎቹን አውጥቼ ለባለቤቴ ሰጥቻለሁ።

---

የሞልድ ሠራተኛ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 10፡15

እንግዲህ ካርቶኑ ከጻፋቸው ነገሮች ሁሉ ፕላስቲኩ የመሰከረለት አንዱን ብቻ ነው፤ እርሱም ከሦስት ዓመት በታች አይሰጥም የሚለውን። ፊት ለፊት ያለው የሕፃኑ ሥዕል ነው የዋሸው። ዕቃው በእርስዎ ቤት ቦታ የለውም። ብሎን ገዝቶ ማሰር የባትሪውን ነገር ያቃልላል፤ ቁልፏን ግን አያስተካክላትም። ቁልፏን ነቅለው ቢጥሏትም የቀረው ቀዳዳ ጠርዙ ስለታም መሆን አለመሆኑን እኔ ከፎቶ ልናገር አልችልም።

---

ነጋዴው ከመናኸሪያ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡50

የ0-3 ምልክቱን ነገር ተቀብያለሁ፤ ነገም በሱቄ ያሉትን እያገላበጥኩ አያለሁ። ነገር ግን እኛ ቸርቻሪዎች ዕቃውን ስንረከብ አድራሻ ያለበት ካርቶን ፈልጉ ቢባል ግማሹ ሱቅ ባዶ ይሆናል። አንድ ነገር ልጨምር። ዕቃው ለእኛ የሚደርሰው ትልልቅ የጅምላ ካርቶን ውስጥ ተደርድሮ ነው፤ በዚያ ካርቶን ጎን ላይ የአይተም ቁጥሩ፣ ስንት ፍሬ እንደያዘ እና የአስመጪው ምልክት በትልቁ ይጻፋል። ደንበኛ አይቶት አያውቅም፤ እኛም ለማገዶ እንሰጠዋለን። እህቴ፣ የገዛሽበት ሱቅ ያን ካርቶን ካልጣለው ማን እንዳስመጣው ከዚያ ይታወቃል።

---

የሞልድ ሠራተኛ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር፤ ጥሩ መንገድ ነው። የጅምላ ካርቶኑ ከተገኘ ፎቶ ያንሱት። ብሎኑ የጎደለው በአንድ ፍሬ ብቻ ነው ወይስ በካርቶኑ ባሉት ሁሉ የሚለውን ለማወቅም ሱቁ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ሁለት ሦስት ፍሬዎች ገልብጦ ማየት ነው።

---

የአቶቴዋ እናት
ዓርብ፣ ከቀኑ 8፡05

ዛሬ ወደ ሱቁ ተመልሼ ነበር። ባለሱቁ ገንዘቤን አልመልስም፣ በሌላ ዕቃ ግን እለውጣለሁ አለ። የጅምላ ካርቶኑን ጥሎታል። በመደርደሪያው ላይ ከቀሩት ሦስት መሪዎች ሁለቱ ብሎን አላቸው፣ አንዱ የለውም። በለውጡ ባትሪ የሌለው፣ ተደራራቢ ቀለበቶች ያሉት መጫወቻ ወስጃለሁ፤ የአምራቹ ስም በፕላስቲኩም በካርቶኑም አንድ ነው፣ አድራሻም አለው። ቀለበቶቹ ወረቀቱ ውስጥ አይገቡም። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ቀርቷል። ቀለበቶቹ ላይ ያለው የተቀባ ሥዕል እርሳስ እንደሌለበት ከምልክቶቹ ማወቅ ይቻላል?

---

የሞልድ ሠራተኛ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡15

አይቻልም። ካርቶኑ ላይ የአውሮፓው የመጫወቻ ደኅንነት መለኪያ ኢኤን 71 ከነክፍል 3 ተጽፎ ከሆነ አምራቹ የብረቶቹን ጉዳይ አስመርምሬያለሁ ማለቱ ነው፤ ይህም ያው ቃል ነው፣ ልዩነቱ አሁን ቃሉን የሰጠው ሰው አድራሻ አለው። ሥዕሉ በጥፍር ሲፋቅ የሚላጥ ከሆነ ይመልሱት።

---

ዳዊት ዘታቦር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡00

በዩኒቨርሲቲያችን የኬሚስትሪ ክፍል የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለች። የግለሰብ ናሙና ይቀበሉ እንደሆነ ሰኞ ጠይቄ እዚሁ እጽፋለሁ፤ የተላጠ ቀለም ስንት ግራም እንደሚያስፈልግም እጠይቃታለሁ። ስለ ቻይና ኤክስፖርት ግን አሁንም ሙሉ በሙሉ አላመንኩም።